«ላይሰንስ አለን» ስንል ምን አለን ማለታችን ነው?

ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።

በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ባልደረቦቼ በተለያየ ቀን አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ቲቸር፣ ትምህርት ቤቱ ላይሰንስ አለው አይደል? እንግዲያውስ እቤት ላፕቶፔ ላይ ወርድ ጫንልኝ።» አንደኛው ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚሠራበት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ስላለው «እዚያ ላሉት ሁለት ኮምፒውተሮችም ጨምርልኝ» አለኝ። ኮሪደር ላይ ቆሞ ይህን ማስረዳት አይቻልም። ደወል ይደወላል፣ ተማሪ ይጠራችኋል፣ በመጨረሻ «እሺ እናየዋለን» ተባብላችሁ ትለያያላችሁ። እኔም ለዓመታት «እናየዋለን» ስል ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ ግን ይሄ መልስ ሰው አስከፈለ። ስለዚህ አሁን በጽሑፍ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ያለንን በስሙ እንጥራው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ያላቸው፣ የእኛም ያለው፣ ማይክሮሶፍት እውቅና ላላቸው የትምህርት ተቋማት በነፃ የሚሰጠው «ኦፊስ 365 ኤ-1» የሚባለው ነው። የራሳችሁን ለማየት በትምህርት ቤቱ ኢሜይል ገብታችሁ ይህን ክፈቱ፦

```
portal.office.com/account
```

ከዚያ Subscriptions የሚለውን ስትነኩ መምህር ከሆናችሁ Office 365 A1 for faculty፣ ተማሪ ከሆናችሁ Office 365 A1 for students የሚል ታያላችሁ። የተጻፈው A3 ወይም A5 ከሆነ ትምህርት ቤታችሁ በየተጠቃሚው ይከፍላል ማለት ነው፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው። A1 ከሆነ ግን ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይመለከታችኋል።

ኤ-1 ምን ይሰጣል? ወርድ፣ ኤክሴልና ፓወርፖይንት በብሮውዘር ውስጥ እንዲሠሩ ይሰጣል። ቲምስ፣ ፎርምስ፣ ዋንኖትና የትምህርት ቤቱ ኢሜይል አለበት። ዋንድራይቭ የሚባለው ፋይል ማስቀመጫም አለ። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የማይሰጠው ትልቁ ነገር ግን ሁላችሁም የምትጠይቁኝ እሱኑ ነው፦ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ወርድና ኤክሴል። እሱ ኤ-1 ውስጥ የለም። እኔ ሳልጭንላችሁ የቀረሁት ንፉግ ስለሆንኩ አይደለም።

«ታዲያ ድሮ ጭነህልን አልነበረም?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ጭኜላችሁ ነበር። ያኔ «ኤ-1 ፕላስ» የሚባል ነበረ፤ እሱም በነፃ ሆኖ የሚጫነውን ኦፊስ ይጨምር ነበር። ይህ ፕሮግራም ሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦገስት 1 ቀን 2024) አበቃ። እንደሚያበቃ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ማስታወቂያው የሚመጣው ደግሞ የትምህርት ቤቱን አካውንቶች ወደሚያስተዳድረው ሰው ነው፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። ክረምት ነበር፣ ያንን የኢሜይል ሳጥን አልከፈትኩትም።

መስከረም 2017 ላይ ስንመለስ መምህራን ክፍል ያለው ኮምፒውተር ላይ ወርድ ሲከፈት ከላይ በርዕሱ አጠገብ Unlicensed Product የሚል ጽሑፍ መጣ። ይህን ምልክት ለይታችሁ እወቁት። እንዲህ ሲል ፋይሉ ይከፈታል፣ ይነበባል፣ ፕሪንት ይደረጋል፤ መጻፍና ማረም ግን አይቻልም። የተበላሸም የጠፋም ነገር የለም። ፕሮግራሙ ፈቃዱን አጥቷል፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ያኔ ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነበር። ሰዎቹን ሰብስቤ «የሚጫነው አበቃ፣ በብሮውዘር እንሠራለን፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ደግሞ እንዲህ እናደርጋለን» ብሎ አንድ ክፍለ ጊዜ ማስረዳት። ግን የዓመቱ መጀመሪያ ነው፣ ሁሉም ዓመታዊ ዕቅድ ያስገባል፣ ሁሉም ይቸኩላል። እኔም ቸኮልኩ። ከኢንተርኔት ላይ ክራክ አውርጄ ኦፊሱን «አክቲቬት» አደረግኩት። ሲጫን አንቲቫይረሱን አጥፋ አለኝ፣ አጠፋሁት። ያቺን «አጥፋ» የምትል መስመር ዛሬ ሳስባት እፈራለሁ። በራችሁን ከፍታችሁ ውጡ የሚላችሁ ሰው ሊሠራላችሁ አልመጣም።

አራት ወር ያህል ምንም አልሆነም። እንዲያውም ተመሰገንኩ፤ «አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ መምህራን የፈለጉትን ሲያጡ ራሳቸው ከዚያው ዓይነት ገጽ ማውረድ ጀመሩ። መንገዱን ያሳየሁት እኔ፣ አንቲቫይረሱን አጥፍቼ የተውኩትም እኔ።

ጥር መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት የሚጠናቀርበት ሳምንት ነው። አርብ ጠዋት የባዮሎጂዋ መምህርት ደወለችልኝ። «ፋይሎቼ ስማቸው ተቀይሯል፣ አይከፈቱም።» ሄጄ አየሁት። እያንዳንዱ የኤክሴልና የወርድ ፋይል መጨረሻው ላይ ትርጉም የሌለው አራት ፊደል ተጨምሮበታል። በየፎልደሩ ደግሞ _readme.txt የሚል ፋይል ተቀምጧል። ስከፍተው ፋይሎቹን ለመመለስ በዶላር ክፈሉ ይላል። ይህ ዓይነቱ ቫይረስ በዋናነት የሚሰራጨው ከክራክ ጋር ተደብቆ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን በዚያ ሰዓት የተሰካውን ፍላሽም ይቆልፋል።

ተሰክተው የነበሩት ፍላሾች ሁለት ናቸው። አንዱ የባዮሎጂዋ መምህርት፣ ሌላው ደግሞ የአማርኛ መምህራችን የጋሼ ነበር።

እዚህ ጋ ነው ኤ-1 ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ በደንብ የገባኝ።

መምህርቷ ማርክ ሊስቷን ፍላሽ ላይ ብቻ አልነበረም ያስቀመጠችው። ባለፈው ዓመት በሰጠሁት አጭር ሥልጠና ላይ አንድ ነገር ብቻ ይዛ ነበር የወጣችው፦ ኮምፒውተሩ ላይ በትምህርት ቤቱ ስም ያለው የዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ የገባ ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ይሄዳል የሚለውን። ስለዚህ ማርክ ሊስቷ እዚያ ነበር። በእርግጥ እሱም ተቆልፏል፤ ቫይረሱ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ሲቀይር ዋንድራይቭ የተቀየረውን ታዝዞ ወደ ላይ ልኮታል። ይህን ስታይ አለቀሰች። እኔም ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ አወጣሁና ከሌላ ንጹሕ ላፕቶፕ በአካውንቷ ዋንድራይቭን በብሮውዘር ከፈትን። ከላይ የቅንብር ጥርሱን ነካን፣ ከዚያ Restore your OneDrive የሚለውን መረጥን። ይህ ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ወደምትፈልጉት ቀንና ሰዓት ሁሉንም ፋይል ይመልሳል። ከታች የለውጦች ዝርዝር ይመጣል፤ ዝርዝሩ ላይ አርብ ጠዋት በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎች ስማቸው እንደተቀየረ ይታያል። ከዚያ በፊት ያለውን፣ ሐሙስ ማታን መረጥንና Restore አልን። ጥቂት ጠብቀን ገጹን ስናድሰው ማርክ ሊስቱ በስሙ ተመልሷል። ከፈተችው። አራት ሴክሽን፣ ሁሉም ውጤት በቦታው።

ጋሼ ግን ያላቸው ሁሉ ፍላሹና የኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ ላይ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት የፈተና ጥያቄ፣ ማስታወሻ፣ ለክበቡ ያዘጋጇቸው ድራማዎች። አካውንት ነበራቸው፣ ላይሰንሱም ነበራቸው፤ ግን አንድም ቀን ገብተውበት አያውቁም። ለምን ቢባል «ላይሰንስ አለን» ስላቸው ወርዱ ዝም ብሎ ይሠራል ማለት እንጂ ሌላ ትርጉም እንዳለው አልነገርኳቸውም። የሴሚስተሩን ውጤት በእጅ ከጻፉት ማርክ ሊስት መልሰን አስገባነው፣ እሱ ተረፈ። የጥያቄዎቹን ከፊል ከድሮ ፕሪንቶች ላይ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች እየተፈራረቁ ተየቡላቸው። የቀረው ቀረ። ጋሼ አንድ ቀን ብቻ ነው ስለዚህ ያነሱልኝ። «አንተ ልጅ፣ አውቆ ዝም ከሚል ሰው የማያውቅ ይሻላል» አሉኝና ሻያቸውን መጠጣት ቀጠሉ።

ስለዚህ ዝም አልልም። አራት ነጥብ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ የሚጫነው ኦፊስ የለም ማለት ያለ ኢንተርኔት መሥራት አይቻልም ማለት አይደለም። የዋንድራይቭ ፎልደር ኮምፒውተር ላይ እንዲኖር የሚያደርገው ፕሮግራም ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር አብሮ ይመጣል፤ በትምህርት ቤቱ ኢሜይል መግባት ብቻ ነው። ፋይሉን እዚያ አስቀምጡ፣ መጻፊያውን ደግሞ ሊብሬኦፊስ አድርጉ። ሊብሬኦፊስ እውነተኛ ነፃ ነው፤ ለትምህርት ቤት፣ ለቤት፣ ለጽሕፈት ቤትም ጭምር ይፈቀዳል፣ ክራክ አይፈልግም። መብራት ኖሮ ኢንተርኔት ባይኖር በሊብሬኦፊስ ትሠራላችሁ፤ መስመሩ ሲመለስ ፎልደሩ ራሱ ወደ ላይ ይልካል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ አዲስ ፋይል ስታስቀምጡ ዓይነቱን .xlsx ወይም .docx አድርጉ፣ አለበለዚያ ሊብሬኦፊስ በራሱ ዓይነት ያስቀምጠዋል። የድሮውን የኤክሴል ፋይል ከፍታችሁ ስታስቀምጡ ሲጠይቃችሁም ያለውን ዓይነት የሚጠብቀውን ምረጡ።

በብሮውዘር የሚሠራው ኤክሴል ለማርክ ሊስት ይበቃል? ለአብዛኞቻችን አዎ። ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ የሚያወጣው RANK ሁሉ ይሠራል። የማይሠራው ማክሮ ነው። ሮስተር የሚያዘጋጀው ባልደረባችን «ካርድ አውጣ» የምትል ቁልፍ ያላት .xlsm ፋይል አለችው፤ እሷ በብሮውዘር ትከፈታለች፣ ቁልፏ ግን አትሠራም። ወርድ ላይም እንዲሁ የተማሪን ስም ከኤክሴል እያመጣ ሰርተፊኬት የሚሞላው ሜይል መርጅ በብሮውዘር የለም። ለእነዚህ ለሁለቱ ሥራዎች አንድ ኮምፒውተር ላይ ሕጋዊ ኦፊስ እንዲገዛ ለአስተዳደሩ ጽፌያለሁ። ለአንድ ኮምፒውተር ነው የጠየቅሁት። ችግራችን ሃያ ላይሰንስ የሚያስገዛ እንዳልሆነ የታወቀው ሥራውን ለይተን ስናየው ነው።

ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ ራሱ ኤ-1 ውስጥ የለም። ዊንዶውስ የኮምፒውተሩ ነው፣ የተጠቃሚው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከላፕቶፑ ጋር ተሽጦ ይመጣል። የእናንተ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማየት የዊንዶውስ ቁልፍንና R ን አንድ ላይ ተጫኑና ይህን ጻፉ፦

```
slmgr /dli
```

በሚመጣው ትንሽ መስኮት ላይ OEM_DM ካለ ከማሽኑ ጋር የመጣ ነው፣ ጥሩ ነው። RETAIL ካለ ለብቻው በተሸጠ ቁልፍ የተከፈተ ሊሆን ይችላል። VOLUME_KMSCLIENT ካለ ግን የኮምፒውተሩን ዊንዶውስ ቢያንስ በ180 ቀን አንዴ የሚያድስለት የድርጅት ሰርቨር ሊኖር ይገባል። እኛ እንዲህ ያለ ሰርቨር የለንም። ስለዚህ የእኛ ኮምፒውተር ላይ ይህ ቃል ከታየ፣ አንድ ሰው ክራክ ሳያደርገው አልቀረም። ብዙ ጊዜ ያ ሰው «ዊንዶውስ ፎርማት» ያደረገላችሁ ሱቅ ነው። አትደንግጡ፤ አምጡትና ከማሽኑ ጋር የመጣ ፈቃድ ካለው አብረን በንጹሑ እንጭነዋለን።

ሦስተኛ፣ አካውንቱ የእናንተ አይደለም፣ የትምህርት ቤቱ ነው። ይህን በሁለት መንገድ ተረዱት። አንደኛው፣ አስተዳዳሪ የሆነ ሰው ካስፈለገ የይለፍ ቃላችሁን ሊቀይርና ፋይላችሁን ሊከፍት ይችላል። እኔ አላደርገውም፣ ግን ይችላል፤ ስለዚህ የደሞዝ ብድር ውልና የቤተሰብ ጉዳይ እዚያ አታስቀምጡ። ቦታውም ቢሆን ለአንድ የኤ-1 ተጠቃሚ እስከ 100 ጊጋባይት ነው፤ የሠርግ ቪዲዮ ማስቀመጫ አታድርጉት።

ሌላው ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ትምህርት ቤት ስትቀይሩ አካውንቱ ይሰረዛል። ከተሰረዘ በኋላ በተለመደው አሠራር ፋይላችሁ ለ30 ቀናት ይቆያል፣ ከዚያ በኋላ እናንተ የምትገቡበት መንገድ የለም። መምህራን የሚዛወሩት ደግሞ በክረምት ነው። ነሐሴ ላይ ለቃችሁ መስከረም አጋማሽ ላይ «ቲቸር፣ ማስታወሻዬን ላክልኝ» ብትሉኝ ምናልባት ዘግይቷል። ስለዚህ መልቀቂያ ከማስገባታችሁ በፊት በብሮውዘር My files ግቡ፣ የራሳችሁን ማስታወሻ ምረጡ፣ Download በሉት፤ ዚፕ ሆኖ ይወርዳል። የተማሪ ውጤት ግን የትምህርት ቤቱ ነው፤ እሱን ለዳይሬክተሩ አስረክቡ እንጂ ይዛችሁ አትሂዱ።

ይህ የተመረቃችሁትን ተማሪዎቼንም ይመለከታል። በቅርቡ አንዷ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለች የሠራችው ፕሮጀክት ለሥራ ማመልከቻ ፈልጋው አካውንቷ አልከፍት ብሏታል። አካውንቱ ለተማሪነት የተሰጠ ነው፣ ተማሪነቱ ሲያበቃ እሱም ያበቃል። ዘንድሮ የምትጨርሱ ከፈተናው በፊት አውርዱ። ከፈተናው በኋላ የሚያስታውስ የለም፣ አውቃችኋለሁ።

አራተኛ፣ ላይሰንሱ ለማስተማርና ለመማር ነው። እቤት ቁጭ ብላችሁ በራሳችሁ ላፕቶፕ የትምህርት ቤቱን ኢሜይል ተጠቅማችሁ ዕቅድ ብትጽፉ ይፈቀዳል፤ የሚታየው ሥራውና ሰውየው እንጂ ቦታው አይደለም። ለባለቤታችሁ ሱቅ ሒሳብ፣ ለጽሕፈት ቤቱ ደንበኛ ሲቪ ግን አይሆንም። ባለ ጽሕፈት ቤቱ ወዳጄ፣ አንተን ማለቴ ነው፤ ቅዳሜ ላፕቶፕህን ይዘህ ና፣ ሊብሬኦፊስ እጭንልሃለሁ፣ ሻይ በአንተ ነው። የግዕዝ መጻፊያውም ለብቻው የሚገኝ ነገር ነው፣ ከኤ-1 ጋር አይመጣም። ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ከቋንቋ ቅንብር ውስጥ መጨመር ብቻ ነው።

ስለ ሚጠፋ ፋይል አንድ ነገር ልጨምር። ከዋንድራይቭ በስህተት የሰረዛችሁት Recycle bin ውስጥ ለ93 ቀናት ይቆያል። ደርባችሁበት የጻፋችሁት ፋይል ከሆነ ደግሞ ፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ Version history ስትሉ የቀድሞዎቹ ቅጂዎች በቀንና በሰዓት ይዘረዘራሉ። ሁለቱንም ያለ እኔ ልታደርጓቸው ትችላላችሁ። እንደ ጥሩ የተቆለፈው ዓይነት ነገር ከመጣ ግን መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት አውጡ፣ ፍላሹን ንቀሉ፣ ሌላ ፍላሽ አትሰኩ፤ ከዚያ ደውሉ። ገንዘብ አትክፈሉ። 30 ቀናቱ መቁጠር ስለጀመሩ ደግሞ «ሰኞ እናየዋለን» አትበሉ።

መምህራን ክፍል ያለውን ኮምፒውተር አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩት። አንቲቫይረሱ በርቷል፣ መምህራን የሚገቡበት አካውንት ደግሞ ፕሮግራም መጫን አይችልም። መጀመሪያ ላይ ተኮርፌያለሁ። «በራሳችን ኮምፒውተር» የሚሉኝ አሉ፤ ይሁን።

ጋሼ ባለፈው ሳምንት ክፍለ ጊዜ በሌላቸው ሰዓት ላብ መጡ። መነጽራቸውን አስተካክለው «በል፣ ያን ፎልደር አሳየኝ» አሉ። ኢሜይላቸውን አስገባን፣ የይለፍ ቃል አወጣን፤ ደብተራቸው ላይ ሊጽፉት ሲሉ ከለከልኳቸው፣ ከዚያ ደግሞ ረሱትና እንደገና አወጣን። የመጀመሪያውን ፋይል አስቀመጡ፤ የዘጠነኛ ክፍል የምንባብ ጥያቄ ነው። አረንጓዴዋ የትክክል ምልክት ፋይሉ አጠገብ እስክትወጣ ድረስ ወንበራቸው ላይ ሆነው ጠበቁ። ስትወጣ «አሁን ይሄ የት ነው ያለው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። በዚህ ጊዜ ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው።